ገንዘብ ሲወልድ፦ የመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ሒሳብ

“ወለድ” የሚለው ቃል ከመውለድ ጋር አንድ ነው። ነገሩን ለመረዳትም ከቃሉ መጀመር ይበቃል። አንድ ሰው ለእርባታ አንዲት በግ ገዝቶ በየዓመቱ የወለደችውን ግልገል እየሸጠ ቢበላ፣ ከዓመታት በኋላም በበረቱ ያለችው ያችው አንዲት በግ ናት። ግልገሎቹን ካቆያቸው ግን እነሱም አድገው ይወልዳሉ፤ የልጅ ልጆቹም በተራቸው ይወልዳሉ። ባንክ ያስቀመጥነው ገንዘብም እንዲሁ ነው። ወለዱን ሳናወጣ ከዋናው ጋር ከተውነው፣ በሚቀጥለው ጊዜ ወለዱ ራሱ ወለድ ያስገኛል። ይህን “ጥምር ወለድ” ወይም በቀላሉ “የወለድ ወለድ” እንለዋለን።

ባንክ ቤት ስሠራ 15 ዓመት አልፎኛል። በእነዚህ ዓመታት የቁጠባ ሒሳብ ከፍተው በሁለተኛው ዓመት የዘጉ ብዙ ወጣቶች አይቻለሁ። አብዛኞቹ “ወለዱ ምንም አይደል” ይላሉ። በሁለተኛው ዓመት ላይ ሆኖ ላየው ሰው እውነታቸውን ነው። ዘንድሮ የ24 ዓመቷ የእህቴ ልጅ የመጀመሪያ ሥራዋን ስትይዝም የሰማሁት ከዚህ አልራቀም። “አክስቴ፣ አሁን ከዚህ ደመወዝ ምን ይቆጠባል? ትንሽ ከፍ ሲልልኝ እጀምራለሁ” አለችኝ። ምክር ከመስጠት ይልቅ ወረቀትና እስክሪብቶ አምጥቼ አብረን አሰላነው። እዚህ የማካፍላችሁ ያንን ስሌት ነው።

መጀመሪያ የያዝነው በጣም ቀላሉን ነው። 10,000 ብር በዓመት 7 በመቶ ወለድ ይታሰብበት አልን። ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ የቁጠባ ወለድን ዝቅተኛ መጠን ከ5 ወደ 7 በመቶ ስላሳደገው፣ ይህ ቁጥር ለብዙዎቻችን የታወቀ ነው። በመጀመሪያው ዓመት ወለዱ 700 ብር ነው፤ ገንዘቡ 10,700 ይሆናል። በሁለተኛው ዓመት 7 በመቶው የሚታሰበው በ10,700 ላይ ስለሆነ ወለዱ 749 ብር ይደርሳል። ብልጫዋ 49 ብር ብቻ ናት። እሷ ናት የመጀመሪያዋ የልጅ ልጅ።

“ይቺ 49 ብር ናት እንዴ የምታስደንቅሽ?” ብላ ሳቀች። እኔም ስሌቱን ቀጠልኩ። ወለዱን በየዓመቱ ለበዓል እያወጣች ብትጠቀምበት፣ በ30 ዓመት ውስጥ 21,000 ብር ወለድ ታገኛለች፤ ከዋናው ጋር 31,000 ማለት ነው። ወለዱን ሳትነካ ብትተወው ግን ያው 10,000 ብር በ30 ዓመት 76,123 ብር ይሆናል። በሁለቱም ላይ ያስቀመጠችው ገንዘብም ሆነ የወለዱ መጠን አንድ ነው። የ45,000 ብሩን ልዩነት ያመጡት የልጅ ልጆቹ ናቸው።

ገንዘብ በስንት ዓመት እጥፍ እንደሚሆን በቃል ለማስላት እኛ ባንክ ቤት ያለን ሰዎች የምንጠቀምበት አቋራጭ አለ። 72ን ለወለዱ መጠን ማካፈል ነው። 72 ለ7 ሲካፈል ከ10 ትንሽ ይበልጣል፤ ስለዚህ በ7 በመቶ ገንዘብ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ይህች ቁጥር ቀጥሎ ለሚመጣው ቁልፍ ናት።

ከዚያ ወደ እሷ ጉዳይ መጣን። በወር 1,000 ብር፣ በዓመት 12,000 ብር ትቆጥባለች እንበል። ስሌቱ እንዲቀል ገንዘቡ በየዓመቱ መጨረሻ እንደሚገባ ቆጠርነው። ለ30 ዓመት፣ ማለትም እስከ 54 ዓመቷ ድረስ፣ በጠቅላላ ከኪሷ የሚወጣው 360,000 ብር ነው። በ7 በመቶ የሚደርሰው ደግሞ ወደ 1,133,500 ብር ነው።

ይህን ድምር ባስቀመጠችበት ዘመን ከፋፈልኩላት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ዓመታት ያስገባችው 120,000 ብር በመጨረሻ 641,600 ብር ገደማ ይሆናል። በሁለተኛዎቹ አሥር ዓመታት ያስገባችው 120,000 ብር 326,100 ብር ገደማ ይደርሳል። በመጨረሻዎቹ አሥር ዓመታት ያስገባችው ያው 120,000 ብር ደግሞ 165,800 ብር ገደማ ነው። በሦስቱም ጊዜ ያስቀመጠችው እኩል ነው፤ የመጀመሪያው አሥር ዓመት ግን ብቻውን ከድምሩ ከግማሽ በላይ ይዟል። ምክንያቱ ያቺው የ10 ዓመት እጥፍ ናት። ቀድሞ የገባው ገንዘብ ከኋለኛው አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ተጨማሪ እጥፍ የመሆን ዕድል አግኝቷል።

“ደመወዜ ሲያድግ እጀምራለሁ” ማለት ትርጉሙ እዚህ ላይ ይገለጣል። አሥር ዓመት ብትዘገይ የምታጣው አንድ ሦስተኛውን ይመስላል። በእውነቱ ግን የምታጣው ከሁሉም የበለጠውን የመጀመሪያውን ክፍል ነው። በ34 ዓመቷ ጀምራ በ20 ዓመት ውስጥ እዚያው 1,133,500 ብር ለመድረስ፣ በወር 1,000 ብር ሳይሆን 2,300 ብር ገደማ መቆጠብ ይኖርባታል። ያኔ ደግሞ የቤት ኪራይ፣ የልጅ ትምህርት ቤት ክፍያና የታመመ ወላጅ ሊኖር ይችላል። ደመወዝ ሲያድግ ወጪም አብሮ እንደሚያድግ ቤት የሚያስተዳድር ሁሉ ያውቀዋል።

ታዲያ ብዙ ሰው ለምን በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ይተወዋል? መልሱ በሒሳብ መግለጫው ላይ ይታያል። በዚህ ስሌት በሁለተኛው ዓመት የሚገኘው ወለድ 840 ብር ብቻ ነው። ሰውዬው 24,000 ብር ከጉሮሮው ቀንሶ አስቀምጦ 840 ብር ሲያይ ተስፋ ቢቆርጥ አይፈረድበትም። በ11ኛው ዓመት ግን ወለዱ 11,600 ብር ገደማ ይደርሳል፤ በ12ኛው ዓመት 13,200 ብር ያልፋል። ያን ጊዜ በዓመት ውስጥ ገንዘቡ የሚያስገባው እሷ ከምታስገባው 12,000 ብር ይበልጣል። እስከዚያ ድረስ ሥራውን የምትሠራው እሷ ናት። ስለዚህ የሁለተኛውን ዓመት ወለድ አይቶ ቁጠባን መመዘን፣ በመጀመሪያው ክረምት ፍሬ አላየሁም ብሎ የቡና ችግኝ እንደመንቀል ነው።

ከመተው ባልተናነሰ የሚጎዳው ደግሞ መሐል ላይ ማውጣት ነው። በ10ኛው ዓመት ለስልክ መግዣ 5,000 ብር ብታወጣ፣ የስልኩ ዋጋ በወቅቱ 5,000 ብር ይሁን እንጂ በ30ኛው ዓመት ከሒሳቧ የሚጎድለው 19,300 ብር ገደማ ነው። ለዚህ ነው ለድንገተኛ ወጪ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው፣ በሌላ ሒሳብ መቀመጥ ያለበት። ሁለቱ ከተቀላቀሉ ሁልጊዜ የሚሸነፈው የረጅም ጊዜው ነው።

የእህቴ ልጅ ግን ዝም ብላ የምትቀበል አይደለችም። “እሺ አክስቴ፣ የዕቃው ዋጋ እንዲህ እየናረ የዛሬ 30 ዓመት ሚሊዮን ብር ምን ይገዛል?” አለች። ጥያቄዋ ትክክል ነው፤ የባንክ ሠራተኛ ስለሆንኩ ልሸፋፍነው አልፈለግሁም። የዋጋ ንረትም የሚሠራው በዚያው በወለድ ወለድ ሕግ ነው፤ የዘንድሮው ጭማሪ የሚመጣው በአምናው ጭማሪ ላይ ነው። በ2014 ዓ.ም. በአገራችን ዓመታዊው የዋጋ ንረት ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እናስታውሳለን። ዝቅ አድርገን 14 በመቶ ብንወስድ እንኳ፣ 72 ለ14 ሲካፈል 5 ዓመት ገደማ ይመጣል። በ10 ዓመት ውስጥ ዋጋ ወደ አራት እጥፍ ይጠጋል፤ በ7 በመቶ የተቀመጠው ገንዘብ ግን እጥፍ ብቻ ነው። በዚያ ሁኔታ ዛሬ ከሚገዛው ግማሽ ያህሉን ብቻ ይገዛል ማለት ነው። ቤት ውስጥ የተቀመጠው ደግሞ ሩብ ያህሉን ብቻ።

ከዚህ የሚወጣው ትምህርት “አትቆጥቢ” የሚል አይደለም። ቀድሞ መጀመር ብቻውን አይበቃም፤ ለረጅም ጊዜ የማይነካ ገንዘብ የተሻለ ወለድ ወደሚያስገኝ ቦታ መሄድ አለበት የሚል ነው። ጥቂት በመቶ በረጅም ጊዜ ብዙ ይለውጣል፤ ያንኑ 12,000 ብር በዓመት በ10 በመቶ ብናሰላው በ30 ዓመት ወደ 1,974,000 ብር ይደርሳል። የጊዜ ገደብ ያለው ተቀማጭ አብዛኛውን ጊዜ ከተራ ቁጠባ የተሻለ ይከፍላል። የመሥሪያ ቤት የቁጠባና ብድር ማኅበራትም አሉ፤ በአክሲዮን የሚገኝ የትርፍ ድርሻም መልሶ አክሲዮን ከተገዛበት በዚያው ሕግ ይወልዳል። በእርግጥ አክሲዮን ሊከስር ይችላል፤ ትርፉም በየዓመቱ አንድ አይደለም። እቁብ ደግሞ ገንዘብ በመሰብሰብ ጎበዝ ነው፣ ነገር ግን አይወልድም፤ የከፈሉትን ያህል ነው የሚወስዱት። ዕጣው ቀድሞ የወጣለት ሰው ገንዘቡን ወለድ ወዳለበት ካስገባው ግን ሁለቱን አጣምሮ ተጠቀመ ማለት ነው።

የ72ቷ ስሌት ለጥንቃቄም ትጠቅማለች። አንድ ሰው ገንዘባችሁን በሦስት ዓመት እጥፍ አደርጋለሁ ቢላችሁ፣ 72ን ለ3 አካፍሉት። በየዓመቱ ያለማቋረጥ 24 በመቶ ገደማ እከፍላለሁ እያለ ነው። ከየት አምጥቶ እንደሚከፍል ጠይቁት። “በስድስት ወር እጥፍ” ካለ መጠየቅም አያስፈልግም።

ሒሳብ ስትከፍቱ ባንኩን ሦስት ነገር ብትጠይቁ መልካም ነው። ወለዱ በየስንት ጊዜው ከዋናው ጋር ይደመራል? የሚታሰበው በየዕለቱ ባለው ገንዘብ ላይ ነው ወይስ በወሩ ውስጥ ዝቅተኛ በሆነው ላይ? ከወለዱ ላይ ግብር ስንት ይቆረጣል? ግብሩ ስላለ በእጅ የሚገባው ከላይ ካሰላነው ትንሽ ዝቅ ይላል። በመጀመሪያው ጥያቄ ግን ብዙ አትጨነቁ። 10,000 ብር በ7 በመቶ ወለዱ በዓመት አንድ ጊዜ ሲደመር 10,700፣ በየወሩ ሲደመር 10,723 ብር ነው። የ23 ብር ልዩነት ከአንድ ዓመት መዘግየት ጋር አይወዳደርም።

የእህቴ ልጅ ያደረገችው ይህ ነው። ደመወዝ በገባ ማግስት 1,000 ብር በራሱ ወደ ሌላ ሒሳብ እንዲዛወር አስመዘገበች፤ ለድንገተኛ ነገር የሦስት ወር ወጪዋ እስኪጠራቀም እዚያው ይቆያል። ከዚያ በኋላ ብሩ ከደመወዟ እየተቆረጠ ወደ መሥሪያ ቤቷ ቁጠባና ብድር ማኅበር ይገባል። ደመወዝ በተጨመረላት ቁጥር ከጭማሪው ላይ ቁጠባውን ልታሳድግም ወስናለች፤ ዋጋ ሲንር ያው 1,000 ብር ከዓመት ዓመት እያነሰ እንደሚሄድ አስልታዋለችና። ቀጥሎ የሚመጣውን የሁለተኛ ዓመት ወለድም ከአሁኑ ታውቀዋለች፤ 840 ብር ገደማ ነው።