«ሙስሊም እህቴ» ያልኩበት ማስታወቂያ

ውድ ወንድሞችና እህቶች፣ በግቢያችን ውስጥ በፌስቡክ ሒጃብ፣ ሽቶ፣ ጫማና ኬክ የምትሸጡ ብዙ እንደሆናችሁ አውቃለሁ። ዒድ ሊደርስ ሦስት ሳምንት ሲቀረው የደረሰብኝን የምጽፈው ለእናንተ ነው።

አክስቴ ታይዋን ገበያ ውስጥ ትንሽ የሒጃብና የጀለቢያ ሱቅ አላት። ለዒድ ብላ በብድር ገንዘብ ዕቃ አስመጣች። «አንተ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ ይሄን ፌስቡክ ካላሠራህልኝ ምን ልትጠቅመኝ ነው አቦ?» አለችኝ። እኔም ፔጅ ከፈትኩላት፣ በስሜም የማስታወቂያ አካውንት አዘጋጀሁ። የውጭ ክፍያ የሚቀበል ካርድ ስላልነበረን፣ እንደ ብዙ ነጋዴ ቡስት የሚያደርግ ልጅ ፈልገን በብር ከፈልነውና በእሱ ካርድ ጀመርን። የመጀመሪያው ማስታወቂያ የሒጃብ ፎቶ ነበረው። ጽሑፉ ደግሞ እንዲህ ይላል፦ «ሙስሊም እህቴ፣ ዒድ ደርሶ ሒጃብ የለሽም? ነይ ወደ እኛ።»

በማግስቱ ጠዋት ውድቅ ተደርጎ አገኘሁት። ከሥሩ የተጻፈውን ሳላነብ ፎቶውን ለወጥኩና እንደገና አስገባሁት፤ ውድቅ ሆነ። «ሙስሊም» የሚለውን ቃል በፊደሎቹ መሐል ነጥብ እያስገባሁ ጻፍኩት፤ እሱም ውድቅ ሆነ። በሁለት ቀን ውስጥ አራት ጊዜ ሞከርኩ። በመጨረሻ ያ ቡስት የሚያደርገው ልጅ «አዲስ አካውንት ክፈት፣ ያልፋል» ሲለኝ ሁለተኛ አካውንት ከፈትኩና ያንኑ ማስታወቂያ በእሱ አስገባሁ። በዚያው ምሽት ሁለቱም አካውንቶች ተዘጉ።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ መጀመሪያ የመጣልኝ ሐሳብ «ሒጃብ ስለሆነ ነው የዘጉን» የሚል ነበር። ለጓደኞቼም እንደዚያው ብዬ አወራሁ፣ ሁሉም አመነኝ። ቁጣዬ ሲበርድ ግን ስክሪኑ ላይ የተጻፈውን ለመጀመሪያ ጊዜ በደንብ አነበብኩት፤ ስለ ሒጃብ የሚናገር ነገር አልነበረበትም።

ምክንያቱ የሚነበበው `Business Support Home` በሚባለው ገጽ ላይ ነው። እዚያ ስትገቡ ከፔጃችሁ፣ ከግል አካውንታችሁና ከማስታወቂያ አካውንታችሁ መካከል ችግር ያለበት ተለይቶ ይታያል። ይህን መለየት ዋና ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ማስታወቂያ ውድቅ መሆኑ፣ የማስታወቂያ አካውንቱ መዘጋቱና እናንተ እንደ ሰው ማስታወቂያ እንዳታሠሩ መከልከላችሁ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ለእያንዳንዱ የሚቀርበውም ጥያቄ የተለየ ነው። እኔ መጀመሪያ የይታይልኝ ጥያቄ ያቀረብኩት በውድቁ ማስታወቂያ ላይ ነበር። በማግስቱ «ውሳኔው አልተለወጠም» የሚል መልስ መጣ፤ አካውንቱ ግን ያኔም ዝግ ነው፣ ስለ እሱ ማንም አልጠየቀምና።

አካውንቱን ስነካው ዝርዝሩ ወጣ። በአራቱ ማስታወቂያዎች ላይ የተጻፈው የፖሊሲ ስም `Personal Attributes` ነው። በአካውንቱ ላይ የተጻፈው ግን ሌላ ነው፦ `Circumventing Systems`። አካውንቴ ለምን እንደተዘጋ የገባኝ ሁለቱን ጎን ለጎን ሳነብ ነው።

የመጀመሪያው ስለ ሰው ማንነት የሚናገር ደንብ ነው። ማስታወቂያ የሚያነበውን ሰው ሃይማኖት፣ ዘር፣ ዕድሜ፣ ሕመም ወይም የገንዘብ ሁኔታ የሚያውቅ መስሎ እንዳይናገር ይከለክላል። «ሙስሊም እህቴ፣ ሒጃብ የለሽም?» ስል አንባቢዋን «ሙስሊም መሆንሽን አውቃለሁ፣ የጎደለሽንም አውቃለሁ» ማለቴ ነው። «ክርስቲያን ነህ?» ብሎ የሚጀምር ማስታወቂያም በዚሁ ደንብ ይወድቃል፤ «ዕዳ አለብህ?» ወይም «ስኳር በሽታ ይዞሃል?» የሚለውም እንደዚሁ። ሒጃብ መሸጥ አልተከለከለም፣ ሙስሊም የሚለው ቃልም አልተከለከለም። «ሙስሊም ሴቶች ለዒድ የሚመርጧቸው ሒጃቦች» ብትሉ ስለ ዕቃው እያወራችሁ ነው። የጣሰው አንባቢዋን ለይቶ «አንቺ እንዲህ ነሽ» ማለቱ ነው። ለእኛ ሰው «እህቴ» ብሎ መጀመር አክብሮት ስለሆነ ይህን ስህተት ለመሥራት ከሌላው ይልቅ እንቀርባለን።

ሁለተኛው ደንብ ግምገማን ስለማምለጥ ነው። ውድቅ የሆነን ነገር ፊደል አዛብቶ ወይም በምልክት ሸፍኖ መመለስ፣ ከቅጣት በኋላ ሌላ አካውንት ከፍቶ መቀጠል እዚህ ውስጥ ይገባል። እኔ ሁለቱንም አድርጌያለሁ። የመጀመሪያው ጥፋት አንድ ዓረፍተ ነገር በማስተካከል የሚያልቅ ነበር። አካውንቱን ያዘጋው ከዚያ በኋላ ያደረግኩት ነው። ስለዚህ ጥያቄዬ «ማስታወቂያዬ ጥፋት የለበትም» የሚል ቢሆን ኖሮ ያልተጠየቅኩትን መመለስ ይሆንብኝ ነበር።

ከዚህ በኋላ ቁልፉን ለመጫን አልቸኮልኩም። `Request review` የሚለው ቁልፍ አንዴ ተጭኖ መልሱ «አይሆንም» ከሆነ ብዙ ጊዜ ተመልሶ አይመጣም። አንድ ምሽት ሙሉ ዝግጅት ላይ ዋልኩ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የሁሉንም ማስታወቂያ፣ የፖሊሲውን ስምና የአካውንቱን ቁጥር ስክሪንሾት አነሳሁ፤ ምንም ከማጥፋቴ በፊት ማለት ነው፣ ምክንያቱም ያጠፋችሁትን በኋላ በትክክል ማስረዳት አትችሉም። ቀጥሎ ፔጁ ላይ ያሉትን ፖስቶች አንድ በአንድ አየሁ። ሁለት ቦታ ያው «የለሽም?» የሚል አባባል ተለጥፎ ነበር፣ አስተካከልኩት። የአክስቴ ስልክ፣ የሱቁ አድራሻና ዋጋ በፔጁ ላይ እንዲታይ አደረግኩ። አካውንታችሁን የሚያየው ሰው ፔጁንም ሊያይ ይችላል፤ ባዶ ፔጅ ደግሞ ሱቅ ሳይሆን ማጭበርበሪያ ይመስላል።

ሌላው ጣጣ መታወቂያ ነበር። ጥያቄው ሲጀመር ማንነት እንዳረጋግጥ ተጠየቅኩ፤ የእኔ ፌስቡክ ስም ደግሞ ከሃይስኩል ጀምሮ የቅጽል ስም ነው። ወደኋላ ተመልሼ ስሜን በፋይዳ መታወቂያዬ ላይ እንዳለው አስተካከልኩ። ከዚያ መታወቂያውን ጥቁር ጨርቅ ላይ አስቀምጬ፣ አራቱም ማዕዘኖች እንዲታዩና ብርሃን እንዳያንጸባርቅ አድርጌ በቀን ብርሃን ፎቶ አነሳሁት። የመጀመሪያው ፎቶ በፍላሽ የተነሳ ስለነበር የልደት ቀኑ ነጭ ሆኖ ጠፍቶ ነበር። መታወቂያው መሆን ያለበት አካውንቱን የከፈተው ሰው ነው እንጂ የሱቁ ባለቤት ወይም የካርዱ ባለቤት አይደለም።

ጽሑፍ የሚቀበል ሳጥን ሁልጊዜ አይሰጥም፤ አንዳንዴ ምክንያት ብቻ መርጣችሁ ትልካላችሁ። ለእኔ ሳጥን ተሰጥቶኝ ነበር። መጀመሪያ የጻፍኩት አንድ ገጽ ሙሉ ነበር፦ ድህነታችን፣ ብድሩ፣ ዒድ መቅረቡ፣ ለምን ሙስሊሞችን እንደሚጠሉ። ጓደኛዬ አነበበውና «ወላሂ ያሳዝናል፣ ግን ምን እንዳጠፋህ የቱ ጋ ነው ያለው?» አለኝ። ሰረዝኩትና ይህን በእንግሊዝኛ ጻፍኩ፣ የማስታወቂያውንም ትርጉም ከሥሩ አደረግኩ፤ ትርጉሙ እንዲህ ነው፦

«በድሬዳዋ ለሚገኝ የልብስ ሱቅ ማስታወቂያ እሠራለሁ። የመጀመሪያው ማስታወቂያዬ አንባቢዋን ሙስሊም ብሎ በመጥራቱና ሒጃብ እንደሌላት በመናገሩ የግል ማንነት ደንብን ጥሷል። ምክንያቱን ሳላነብ ቃሉን በነጥብ ቀይሬ ደጋግሜ አስገባሁ፣ ሁለተኛ አካውንትም ከፈትኩ። ይህ ግምገማን ማምለጥ እንደሆነ አሁን ተረድቻለሁ። ሁለተኛውን አካውንት ከእንግዲህ አልጠቀምበትም። የፔጁን ጽሑፎች አስተካክያለሁ። አዲሱ ማስታወቂያ ስለ ዕቃው፣ ስለ ዋጋውና ስለ አድራሻው ብቻ ይናገራል። የመጀመሪያው አካውንት እንደገና እንዲታይልኝ እጠይቃለሁ።»

ጥፋትን ማመን ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን የሠራችሁት ሁሉ በእነሱ መዝገብ ላይ አለ፤ አራቱን ሙከራዎች «አላደረግኩም» ብል ኖሮ ከሁለተኛው መስመር በላይ የሚያነብልኝ አልነበረም። በተቃራኒው፣ በእርግጥ ያልጣሳችሁ ከሆነ አትመኑ። የፖሊሲውን ስም ጥቀሱ፣ የማስታወቂያችሁን ቃል እንዳለ አስቀምጡ፣ ለምን እንደማይገናኙ አስረዱ። እጃችሁ የሌለበት ማስታወቂያ በአካውንታችሁ ከሠራ ደግሞ ነገሩ የጠለፋ ጉዳይ ነው። መጀመሪያ ፓስወርድ ለውጡ፣ የማታውቁትን አስተዳዳሪ አስወጡ፣ ከዚያ ይህንኑ ጻፉ።

መልሱን ስጠብቅ ሁለት ሰዎች በቴሌግራም ጻፉልኝ፤ አንዱ በገንዘብ «አስከፍትልሃለሁ» አለኝ፣ ሌላው ከፌስቡክ ድጋፍ ክፍል ነኝ ብሎ ፓስወርድ የሚጠይቅ ሊንክ ላከ። ትክክለኛው መልስ የሚመጣው እዚያው `Business Support Home` ውስጥ ነው። ሌላ ቦታ የሚመጣውን አትንኩት። ቀሪ ሒሳብ ካለባችሁም ክፈሉት፣ ግን መክፈሉ ብቻውን በፖሊሲ የተዘጋን አካውንት አይከፍትም።

በአራተኛው ቀን የመጀመሪያው አካውንት ተከፈተ። ሁለተኛው እስከ ዛሬ ዝግ ነው፣ አልጠየቅኩበትምም። ዒድ ሊደርስ አሥር ቀን ያህል ሲቀረው በአነስተኛ በጀት አዲሱን ማስታወቂያ አስገባሁ፦ «ለዒድ የደረሱ ሒጃቦች፣ ታይዋን ገበያ፣ ከ450 ብር ጀምሮ።» አለፈ። የአክስቴ ዕቃ ከግማሽ በላይ ተሸጠ፤ የቀረውን እስከ ዒደል አድሐ አቆየችው፣ ብድሩም እስከዚያ ተራዘመላት።

አዲሱን ጽሑፍ ሳነብላት ግን ደስ አላላትም። «ይሄማ ደረቅ ነው፣ ሰላምታ እንኳ የለውም» አለች። «እህቴ» የሚለውን ለምን እንዳወጣሁት ሳስረዳት ትንሽ አሰበችና፣ «እሺ፣ እዚያ አትበል። ሱቁ ሲመጡ እኔ እላቸዋለሁ» አለችኝ።