እናቴ በጥርባ ብርድ ሌሊት በር የምትከፍተው ለምን ነበር?

ስለ ማረጥና ስለ እንቅልፍ ብዙ ጥያቄ ይደርሰኛል። ዛሬ ከራሴ ስህተት ተነስቼ ልመልስላችሁ።

ያደግኩት አዊ ዞን፣ ጥርባ ነው። አገሩን የምታውቁ ብርዱን ታውቁታላችሁ፤ በኅዳር ሌሊት ጋቢ ብቻውን አይበቃም። የዛሬ ስምንት ዓመት፣ ተመርቄ ሥራ በጀመርኩበት ዓመት፣ ለእረፍት ቤት ሄጄ ሌሊት የበር ድምፅ ቀሰቀሰኝ። ወጥቼ ሳይ እናቴ በስስ ቀሚስ ደጃፉ ላይ ቆማለች። ያኔ 49 ዓመቷ ነበር።

«እማዬ፣ ምን ሆነሽ ነው? ብርዱ ይመታሻል እኮ!»

«ተኚ ልጄ፣ ነፋስ ልቀበል ብዬ ነው። ሰውነቴ ነደደብኝ።»

ጠዋት ስጠይቃት ሁሉንም ነገረችኝ። ሌሊት ሦስትና አራት ጊዜ ትነቃለች። ከደረቷ እሳት የመሰለ ነገር ተነስቶ ፊቷ ላይ ይወጣል፣ ልቧ ይመታል፣ ላብ ያጠምቃታል፤ ከዚያ ደግሞ ትንቀጠቀጣለች። አንዴ ከነቃች እንቅልፍ የለም። ከወር በፊት ዘመድ ልትጠይቅ ጃዊ ወርዳ ስለነበር እኔ ወባ ነው አልኩ። ደሟ ተመረመረ፣ ወባ የለም። የታይፎይድ ምርመራው «ፖዘቲቭ» ሲል ደስ ብሎኝ መድኃኒት ጀመርኩላት። ምንም ለውጥ የለም። በመጨረሻ ዳያዚፓም ሰጠኋት። ተኛች፤ ግን ጠዋት ጠዋት ትፈዝ ጀመር፣ አንድ ሌሊት ለሽንት ስትወጣ ተንገዳግዳ ወደቀች።

ያልጠየቅኳት አንድ ነገር ነበር፤ የወር አበባዋን። ለሌላ ታካሚ ቢሆን ቀድሜ የምጠይቀው ነው። እናቴን ግን አፈርኳት። ቡና ላይ አክስቴ ናት የገላገለችኝ፦ «ይቺ ልጅ አታውቅም እንዴ? እናትሽ እኮ እያረጠች ነው!» ለካስ የወር አበባዋ መዛባት ከጀመረ ዓመት አልፎታል።

ታዲያ ማረጥና ሌሊት መንደድ ምን አገናኛቸው?

አእምሯችን ውስጥ የሰውነትን ሙቀት የሚቆጣጠር ክፍል አለ። በደህናው ጊዜ ሙቀታችን ትንሽ ከፍ ወይም ዝቅ ቢል ዝም ብሎ ያልፈዋል። ኤስትሮጅን የተባለው ሆርሞን ሲቀንስ ግን ይህ ክፍል ትዕግሥት ያጣል። ብርድ ልብስ ውስጥ የምትፈጠር ትንሽ ሙቀት እንኳ ትልቅ ግለት ትመስለውና የቆዳ ደም ሥሮችን ይከፍታል፣ ላብ ያፈሳል። ይህ ወላፈን ብዙውን ጊዜ ከአንድ እስከ አምስት ደቂቃ ይቆያል። ከዚያ ሰውነት ሙቀቱን ስለጣለ ብርድ ብርድ ይላል። የጥርባ ብርድ እናቴን ያላዳናት ለዚህ ነው፤ እንዲያውም ብርዱን ፈርታ የምትደርበው ከባድ ብርድ ልብስ ነበር የሚቀሰቅሳት።

ከወባ የሚለየው በምንድን ነው? ቀላሉ ዘዴ ወላፈኑ ሲመጣ ቴርሞሜትር ብብት ውስጥ ማድረግ ነው። ወላፈን ሰውነትን ቢያቃጥልም ትኩሳት አይደለም፤ 38 ዲግሪ አይደርስም፣ በደቂቃዎች ውስጥም ያልፋል። የወባ ትኩሳት ብዙውን ጊዜ በብርድ ይጀምራል፣ ለሰዓታት ይቆያል፣ ራስ ምታትና ቁርጥማት አለው። አንድ ጊዜ ብቻ የተደረገ የታይፎይድ የደም ምርመራ ደግሞ፣ እኔ እንደተሳሳትኩት፣ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም።

ነገሩ ከገባኝ በኋላ ሦስት ነገር አደረግን።

መጀመሪያ አልጋውን ቀየርን። በአንድ ከባድ ብርድ ልብስ ፋንታ አንሶላ፣ ነጠላና ጋቢ ደራረብን፤ ሲሞቃት አንዱን ገፋ ታደርጋለች፣ ሲበርዳት ትመልሳለች። ደረቅ የጥጥ ቀሚስና ውኃ አጠገቧ አስቀመጥን። ደጅ መውጣት ቀረ።

ሁለተኛው ቡና ነው። አመሻሽ ላይ የሚፈላውን ከነበረካው ትጠጣ ነበር። ቡና ከተጠጣ አምስት ሰዓት ገደማ በኋላም ካፌይኑ ግማሽ ያህሉ ሰውነት ውስጥ አለ። ቡናውን አልከለከልኳትም፤ ወደ ጠዋት አመጣነው።

ሦስተኛው ከሁሉም የከበደው ነበር። እናቴ እንቅልፍ ስላጣች ለማካካስ ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኝታ ጠዋት 12 ሰዓት ትነሳ ነበር። ለአንድ ሳምንት ስንቆጥር 10 ሰዓት አልጋ ላይ ሆና የምትተኛው 6 ሰዓት ያህል ብቻ ነው። አራቱን ሰዓት ስትገላበጥ ታሳልፋለች፤ አልጋው ራሱ የመጨነቂያ ቦታ ሆኖባታል። ስለዚህ ከምሽቱ 4:30 በፊት እንዳትተኛ፣ ንጋት 11:30 ላይ ደግሞ ተኛችም አልተኛችም እንድትነሳ ተስማማን። ቀን መተኛት የለም። ሌሊት ነቅታ ሃያ ደቂቃ ያህል እንቅልፍ እምቢ ካላት ተነስታ በደብዛዛ ብርሃን ጥጥ ትፈትላለች፣ ሲያንጎላጃት ትመለሳለች።

የመጀመሪያው ሳምንት ከበፊቱ ባሰ። ቀን ቀን ስታንቀላፋ «ገደልሽኝ» አለችኝ። በሁለተኛው ሳምንት እንቅልፏ መጠንከር ጀመረ። ከዚያ በየሳምንቱ 15 ደቂቃ እየጨመርን ሄድን። በስድስተኛው ሳምንት ወላፈኑ አሁንም ሌሊት ሁለት ጊዜ ይመጣ ነበር፤ ልዩነቱ ጋቢዋን ገፋ አድርጋ ወዲያው መተኛቷ ነው። ወላፈን ይቀሰቅሳል፤ እስኪነጋ ነቅቶ የሚያቆየው ግን ብዙ ጊዜ ከዚያ በኋላ የመጣው ልማድና ጭንቀት ነው። (የሚጥል በሽታ ወይም ባይፖላር ያለባችሁ፣ መኪናም የምታሽከረክሩ፣ የእንቅልፍ ሰዓታችሁን በዚህ መንገድ ከመቀነሳችሁ በፊት ሐኪም አማክሩ።)

ይህ ካልበቃ መድኃኒት አለ። ለወላፈን ከሁሉም የሚሠራው ሆርሞን ነው፤ በተለይ ዕድሜያቸው ከ60 በታች ለሆነና ካረጡ 10 ዓመት ላልሞላቸው። ማሕፀን ያላት ሴት ኤስትሮጅን ብቻዋን አትወስድም፣ ፕሮጄስትሮን አብሮ ይሰጣታል። የጡት ካንሰር፣ የደም መርጋት፣ ስትሮክ ወይም የጉበት ሕመም ላለባት ግን አይሆንም። ሆርሞን የማይሆናቸው እንደ ጋባፔንቲን ያሉ ሌሎች አማራጮች አሏቸው። ሁሉም በሐኪም ትእዛዝ ብቻ ነው።

ማረጥ ነው ብላችሁ ዝም የማትሉትን ልንገራችሁ። ከላቡ ጋር ሁለት ሳምንት ያለፈው ሳል ወይም የክብደት መቀነስ ካለ፣ ቀኑን ሙሉ ልብ የሚመታና እጅ የሚንቀጠቀጥ ከሆነ፣ በእንቅልፍ ላይ በኃይል እያንኮራፉ ትንፋሽ ቆም የሚል ከሆነ ተመርመሩ። የወር አበባ 12 ወር ሙሉ ከቀረ በኋላ ደም ከታየ ግን ጠብታም ብትሆን ሳትዘገዩ ሐኪም ዘንድ ሂዱ።

ሌሊት ላብ የሚያስቸግራችሁ ከሆነ ሐኪም ዘንድ ስትሄዱ የመጨረሻው የወር አበባችሁ መቼ እንደነበር ሳትጠየቁ ተናገሩ። የሦስት ወሩን መርፌ የምትወስዱም ከሆነ ንገሩት፤ መርፌው ራሱ የወር አበባ ስለሚያስቀር ነገሩን ያምታታል።

እናቴ አሁን 57 ዓመቷ ነው። ወላፈኑ እየራቀ መጥቶ ከቆመ ሰንብቷል። ዘመድ በተሰበሰበ ቁጥር ግን አትምረኝም፦ «ይህን ሁሉ ዓመት ተምራ፣ ቡና ላይ ተነገራት።»