ቤት ያልመታው አራተኛ ስንኝ

እናቴ ፊደል አልቆጠረችም፤ ግጥም ሲበላሽ ግን ከማንኛችንም በፊት ታውቃለች። ሠርግ ላይ የሚያዜመው ሰው ቤቱን ከሳተ ጭብጨባዋ ለአንድ አፍታ ይቆማል። ምን እንደጎደለ ብትጠየቅ «ቤት አልመታም» ከማለት ሌላ ማብራሪያ የላትም። እኔ ደግሞ በቤተሰባችን ዩኒቨርሲቲ የገባሁ የመጀመሪያዋ ስለሆንኩ፣ እሷ በጆሮዋ የምታውቀውን ነገር በወረቀት ላይ ማየት እወዳለሁ። የማኅበራዊ ሥራ ተማሪ ነኝ፣ የሥነ ጽሑፍ አይደለሁም። ሆኖም ባለፈው ዓመት በተግባር ልምምዴ ላይ አንድ ቤት ያልመታ ስንኝ ብዙ ስላከራከረን፣ ስለ እሱ ልጽፍላችሁ ፈለግሁ።

መጀመሪያ «ቤት መምታት» ምን እንደሆነ እንስማማ። እንግሊዝኛ «ሲ» እና «ትሪ» የሚሉትን ቃላት ሙሉ በሙሉ የገጠሙ አድርጎ ይቆጥራቸዋል። የመጨረሻው አናባቢ አንድ ከሆነ ይበቃዋል፤ ከፊቱ ያለው ተነባቢ እንዲያውም ቢለያይ ይመርጣል። የአማርኛ ጆሮ ግን በዚህ አይረካም። «ሲ» ከ«ሲ» ጋር፣ «ሪ» ከ«ሪ» ጋር ነው የሚገጥመው፤ ተነባቢውም አናባቢውም አንድ መሆን አለበት። ዕብራይስጥም በዚህ በኩል ከእንግሊዝኛ ይልቅ ለአማርኛ ይቀርባል። «ሻና» ከ«ትሙና» ጋር ይገጥማል፤ «ሻና» እና «ቶቫ» ግን ሁለቱም በ«ኣ» ቢያልቁም ደንብ የሚጠብቅ ገጣሚ እንደ ሐሩዝ አይቆጥራቸውም።

ይህን ሁሉ በአንድ ጊዜ ለማየት ከፊደል ገበታ የተሻለ ነገር አላገኘሁም። ገበታውን በሐሳባችሁ ዘርጉት። በአግድም ከሄዳችሁ ተነባቢው ሳይለወጥ አናባቢው ይለዋወጣል፤ ረ፣ ሩ፣ ሪ፣ ራ፣ ሬ፣ ር፣ ሮ። ወደ ታች ከወረዳችሁ ደግሞ አናባቢው ሳይለወጥ ተነባቢው ይቀየራል፤ ሉ፣ ሙ፣ ሩ፣ ሱ። ሁለት ስንኞች አንዱ ሳጥን ላይ ሲገናኙ ቤቱ ሞልቷል፤ ይህን ሙሉ ቤት ልበለው። በአንዱ መንገድ ብቻ ጎረቤት ሲሆኑ ግን፣ ማለትም በአግድም ወይም ወደ ታች ሲቀራረቡ፣ ጎዶሎ ቤት ነው። ጆሮ ዝምድናውን ይሰማል፤ ግን አልተገናኙም። በሳድስ የሚያልቁ ቃላት ላይ አማርኛ ትንሽ ለቀቅ ይላል። «ቤት» እና «ሞት» በ«ት» ስለሚያልቁ ብቻ ብዙ ጊዜ ያልፋሉ፤ እንግሊዝኛ ግን እንዲህ ያለውን ከጎዶሎው ይመድበዋል። ስለዚህ አንድ ቤት ሞላ ወይም ጎደለ ስንል በየትኛው ቋንቋ ጆሮ እንደምንሰማ አስቀድመን ማወቅ አለብን።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። የተግባር ልምምዴ በአንድ ሰፈር መትናስ ውስጥ ነበር። በኢየሩሳሌም ቀን፣ በሱዳን መንገድ ያለቁት ወገኖቻችን ሲታሰቡ የሚታደል ትንሽ መጽሔት ለማዘጋጀት ወጣቶች ከአያቶቻቸው ጋር ይቀመጡ ነበር። አንዲት የ17 ዓመት ልጅ አያቷ የነገሯትን ይዛ በአያቷ አንደበት እነዚህን አራት ስንኞች ጻፈች፦

ሰባት ሆነን ወጣን ሌሊቱን ተጉዘን፣
ትንሹን ልጅ አዝለን ስንቃችንን ይዘን፤
ሁለቱ ሱዳን ላይ ካሸዋ ሥር ቀሩ፣
አምስት ሆነን ገባን ከናፈቅነው አገር።

የቤቱ አሠራር ቀላል ነው። ስንኞቹ ሁለት ሁለት ሆነው ይሄዳሉ፤ በምልክት ብንጽፈው ሀሀ ለለ ይሆናል። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ «ተጉዘን» እና «ይዘን» ላይ በደንብ ይመታሉ፤ «ዘን» ከ«ዘን»። ልኩም አይዛነፍም፤ በጆሮ ስትቆጥሩት እያንዳንዱ ስንኝ 6 እና 6 ድምፅ ሆኖ መሐል ላይ ይከፈላል። ሦስተኛው በ«ቀሩ» ሲያልቅ ጆሮ «ሩ» የሚል መልስ ይጠብቃል። የሚመጣው ግን «አገር» ነው። ተነባቢው ያው «ረ» ነው፤ ከካዕብ ወደ ሳድስ፣ ከ«ሩ» ወደ «ር» በአግድም ተንሸራቷል። ከንፈር ለ«ሩ» ተሞጥሙጦ ሲጠብቅ ድምፁ ይቆረጣል።

መጽሔቱን ያረሙልን ጎልማሳ ሰው በበጎ ፈቃድ የሚያገለግሉ፣ አማርኛቸውም የተባ ነበር። አራተኛውን ስንኝ እንዲህ አቃኑት፦

አምስት ሆነን ገባን ሰዎች ሲዘምሩ።

በሙያ ካየነው እንከን አይወጣለትም። «ቀሩ» እና «ሲዘምሩ» አንዱ ሳጥን ላይ ይገናኛሉ፤ ልኩም 6 እና 6 ነው። ነገር ግን ስንኙ ምን እንዳደረገ ተመልከቱ። ሁለቱ ሰዎች አሸዋ ሥር ቀርተዋል፤ ወዲያው መዝሙር ይሰማል፤ ቤቱም ዘግቷል። ሙሉ ቤት «አለቀ» የማለት ኃይል አለው። ለዚህም ነው ምሳሌያዊ አነጋገር፣ ምርቃትና የልጆች ጨዋታ በሙሉ ቤት የሚወደዱት፤ ነገሩ የተረጋገጠና የተጠናቀቀ ይመስላል። እዚህ ግን የተጠናቀቀ ነገር የለም። በልጅቷ ስንኝ «ቀሩ» መልስ ሳያገኝ ይቀራል። «አገር» የተናፈቀው ነው፣ ተደርሶበታልም፤ ግን ከቀሩት ጋር ለመግጠም አንድ እርምጃ ይጎድለዋል። ስንኙ በቃል ያልተናገረውን ሐዘን የሚናገረው ይህ ጉድለት ነው።

በስብሰባው ላይ ሁለቱንም ለአያትየዋ አነበብንላቸው። ሁለተኛውን ሲሰሙ «ይሄስ ቤት መታ» ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። ቆየት ብለው ግን ወደ ልጅቷ ዞሩና «የማን መዝሙር ነው ልጄ? እኔ ያን ቀን የሰማሁት መዝሙር የለም። የፊተኛውን ተዪልኝ» አሏት።

እንዲህ ያለው እርማት አዲስ አይደለም። አሜሪካዊቷ ገጣሚ ኤሚሊ ዲኪንሰን በ1886 አረፈች፤ የመጀመሪያው የግጥም መጽሐፏ የታተመው ከ4 ዓመት በኋላ ነው። አዘጋጆቹ የግጥሞቿን ጎዶሎ ቤቶች እንደ ጉድለት በማየታቸው፣ አንዳንድ ቦታ ቃል ለውጠው እንዲገጥሙ አደረጓቸው። ዛሬ የሚታተሙት እሷ በእጇ እንደጻፈችው ነው፤ ምክንያቱም ከጊዜ በኋላ አንባቢዎች ያ አለመግጠም ጥርጣሬዋንና ያልተቋጨ ሐሳቧን የተሸከመው ክፍል እንደሆነ ተረዱ። እንግሊዛዊው ወታደር ዊልፍሬድ ኦወን ደግሞ ልጅቷ ያደረገችውን በአግድም የመንሸራተት ነገር በአንድ ግጥም ውስጥ ከዳር እስከ ዳር ተጠቅሞበታል። ተነባቢዎቹ ይቆማሉ፣ አናባቢው ይቀየራል። «እንግዳ ግንኙነት» ተብሎ ሊተረጎም በሚችለው በዚያ ግጥም አንድ ወታደር ከገደለው ጠላቱ ጋር በሙታን ዘንድ ይገናኛል፤ ቃላቱም እንደ ሁለቱ ሰዎች ተቀራርበው አይገጥሙም። ኦወን የተገደለው በኅዳር 4 ቀን 1918 በፈረንጆች አቆጣጠር፣ ጦርነቱ ሊቆም አንድ ሳምንት ሲቀረው ነበር።

ታዲያ ቤት ያልመታ ሁሉ ምሥጢር አለው ማለት ነው? አይደለም። ብዙው በቀላሉ ያልተሳካ ግጥም ነው፤ ለመለየትም ሦስት ነገር አያለሁ። የመጀመሪያው፣ ከጉድለቱ በፊት ጆሮ ሙሉ ቤት ለምዷል ወይ የሚለው ነው። «ተጉዘን» እና «ይዘን» ባይመቱ ኖሮ «አገር» ላይ ማንም አይነቃም ነበር። ለዚህ ሁለት ሁለት የሚሄደው አሠራር ይረዳል፤ መልሱ በሚቀጥለው ስንኝ ላይ ስለሚጠበቅ ጉድለቱ መደበቂያ የለውም። ሀለሀለ ሆኖ ቢፈራረቅ ኖሮ በመካከሉ ሌላ ስንኝ ስለሚገባ ድንጋጤው ይላላ ነበር። ሁለተኛው ቅርበት ነው። «ቀሩ» ከ«አገር» ጋር በአግድም ጎረቤት ነው። በ«ሱዳን» ቢያልቅ ኖሮ ዝምድና ስለሌለው የሳተ ብቻ ይሆን ነበር። ሦስተኛው ቦታው ነው። ጉድለቱ ትርጉሙ በሚሰበርበት ላይ ወድቋል ወይስ ገጣሚው ቃል ባጣበት? ይህን ለማወቅ ቤቱን ራሳችሁ ሞልታችሁ አንብቡት። ትርጉሙ ሳይነካ ከሞላ ጉድለቱ ድካም ነበር። ስትሞሉት ግጥሙ ሌላ ነገር መናገር ከጀመረ ግን ጉድለቱ ሥራ ላይ ነበር።

ራፕ ግን በዚህ መለኪያ አይመዘንም። ወጣቶቻችን በዕብራይስጥም በአማርኛም ሲያዜሙ ወደ ታች የሚሄደውን መንገድ፣ የአናባቢ ዝምድናን ብቻ፣ እንደ መደበኛ ይጠቀሙበታል። እዚያ ጎዶሎ ቤት ሐዘን አይደለም፤ ቃሉ እንዲፈስ የሚያደርግ ነው። እንዲያውም በራፕ ውስጥ ድንገት ሙሉ ቤት ሲመጣ ነው ጆሮ የሚነቃው፤ ቀልድ ወይም የነገር መዝጊያ ይሆናል። ምልክት የሚሆነው ከተለመደው የወጣው ስለሆነ፣ መጀመሪያ የተለመደው የቱ እንደሆነ መስማት ያስፈልጋል።

በሙያዬ የሰዎችን ታሪክ እሰማለሁ፣ እጽፋለሁ። ታሪኩን የሚቀበለው መሥሪያ ቤት መጀመሪያና መጨረሻ ያለው፣ የተስተካከለ ነገር ይፈልጋል። እኔም አሁን ሪፖርት ስጽፍ ባለታሪኩ ዝም ያለበትን ወይም ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የተወበትን ቦታ እንዳለ አስቀምጣለሁ፤ አጠገቡም ልሞላው ብል ምን ቃል እንደማስገባ በእርሳስ እሞክራለሁ። አብዛኛውን ጊዜ የምሞላበት ቃል የእሱ ሳይሆን የእኔ ሆኖ አገኘዋለሁ።

መጽሔቱ የታተመው በልጅቷ ስንኝ ነው። አራሚው አልተከፉም፤ የእሳቸውን ስንኝ ግን እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል፣ ደኅና ቤት ነውና።