የሸጥሁት ጣሪያ

ሱሉልታ ያለው ቤቴ ጣሪያ የለውም። የምድሩ ሶሌታ ተሞልቷል፣ የላይኛው ፎቅ ኮለኖች ቆመዋል፣ ከአናታቸው የወጣው ፌሮ ግን ዝገት ለብሶ ሰማይ ሰማዩን ያያል። ክረምት ሲመጣ ከእንጦጦ ጀርባ የሚወርደው ዝናብ ሶሌታው ላይ ይተኛል። ሰው ምን ነካህ ሲለኝ "ሲሚንቶ ተወደደ" እላለሁ። ውሸት አይደለም፤ ዋናው ምክንያት ግን እሱ አይደለም። የዚህን ቤት ጣሪያ ግንቦት 4 ቀን 2015 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ተቀምጬ፣ በስልኬ፣ በ1,600 ዶላር ሸጬዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያው ዓመት በታኅሣሥ የብዙ ዓመት ቁጠባዬን ሰብስቤ የኤንቪዲያን 200 አክሲዮን በ150 ዶላር ገደማ ገዛሁ፤ 30,000 ዶላር መሆኑ ነው። የኮምፒውተር ቺፕ የሚሠራው ይህ ኩባንያ ሰው ሁሉ የሚያወራለት ገና አልሆነም ነበር። በመጋቢት ማብቂያ ዋጋው 275 ዶላር አካባቢ ደረሰ። መጥገብ ሲገባኝ ሌላ ረሃብ ያዘኝ። ቤቱን የሚያሠራልኝ ታናሽ ወንድሜ ቡራዩ ነው የሚኖረው፤ በየሳምንቱ ይደውላል። "ጋሼ፣ ብረት ጨምሯል። አናጢው ካልተከፈለኝ እሄዳለሁ ብሏል።" አክሲዮኑ በወረቀት ላይ አብጧል፣ እጄ ላይ ግን ሳንቲም የለም። አክሲዮኑን ሳልሸጥ በየወሩ ገንዘብ የሚያወጣልኝ ነገር ፈለግሁ። አንድ የሥራ ባልደረባዬ "ከቨርድ ኮል ለምን አትሸጥም?" አለኝ።

ከቨርድ ኮል ለአገሬ ሰው ባዕድ አይደለም፤ ስሙ ነው እንጂ። አንድ ሰው አክሲዮንህን እስከ ተወሰነ ቀን ድረስ በተወሰነ ዋጋ የመግዛት መብት ከአንተ ይገዛል፤ መብቱ ኦፕሽን ይባላል። ለመብቱ ፕሪሚየም የሚባል ገንዘብ ዛሬውኑ ይከፍልሃል፣ ያም የአንተ ነው፤ አይመለስም። አንዱ ውል 100 አክሲዮን ይሸፍናል። ቀኑ ሲደርስ ገበያው ከተዋዋላችሁበት ዋጋ በታች ከሆነ ገዢው መብቱን ይተወዋል፤ አክሲዮንህም ገንዘቡም አንተው ጋ ይቀራሉ። ገበያው ከዚያ ዋጋ በላይ ከሆነ ግን በተዋዋላችሁበት ዋጋ ታስረክባለህ። ከቨርድ፣ ማለትም የተሸፈነ፣ መባሉ የምታስረክበው አክሲዮን አስቀድሞ በእጅህ ስላለ ነው።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ጣፈጠኝ። ለሦስት ሳምንት፣ 300 ዶላር ላይ፣ ሁለት ውል ሸጥሁ። በአክሲዮን አራት ዶላር፣ በጠቅላላው 800 ዶላር አገኘሁ። ሚያዝያ 13 ቀን ውሉ ሲያበቃ ዋጋው ከ300 በታች ስለነበር ምንም ሳላስረክብ ቀረሁ። ገንዘቡን የዚያኑ ሳምንት ቡራዩ ላክሁ። ወንድሜ "ጋሼ፣ እንዲህ ከሆነማ በመስከረም ጣሪያ እንመታለን" አለ። እኔም አመንሁ።

ግንቦት 4 ቀን እንደገና ገባሁ። አክሲዮኑ 283 ዶላር ነበር። እስከ ሰኔ 9 የሚቆይ፣ በ310 ዶላር የሚያስረክብ ውል ስመለከት ፕሪሚየሙ ስምንት ዶላር ነው። ካለፈው እጥፍ! ጊዜው አምስት ሳምንት ስለሆነ ጥቂት መጨመሩ ያለ ነው። እጥፍ መሆኑ ግን ሊያስጠረጥረኝ ይገባ ነበር። ፕሪሚየም የሚወፍረው ገዢዎች ትልቅ ነገር ሊመጣ ይችላል ብለው ሲጠብቁ ነው። ያንን ነገር ለማወቅ ነቢይ መሆን አያስፈልግም ነበር፤ ኩባንያው የሩብ ዓመት ውጤቱን ግንቦት 16 ቀን እንደሚያወጣ ቀኑ ተቆርጦ ተነግሯል። የእኔ ውል ያንን ቀን አቋርጦ ያልፋል። እኔ ግን ቀን መቁጠሪያውን ትቼ ገንዘቡን አየሁ። ለሁለቱም መቶ አክሲዮን ፈረምሁ፤ አንዱን መቶ እንኳ ነጻ አላስቀረሁም። 1,600 ዶላር ገባልኝ። ሌሊቱን ሙሉ የቆርቆሮ ዋጋ ሳሰላ አደርሁ።

ግንቦት 16 ቀን ገበያው ሲዘጋ አክሲዮኑ 305 ዶላር ነበር። ከ310 በታች ነው ብዬ ደስ አለኝ። ከሥራ ወጥቼ ስልኬን ስከፍት ዓለም ተለውጧል። ኩባንያው ለሚቀጥለው ሩብ ዓመት 11 ቢሊዮን ዶላር ያህል ሽያጭ እጠብቃለሁ ብሏል፤ ተንታኞች የጠበቁት ሰባት ቢሊዮን ገደማ ነበር። በማግስቱ አክሲዮኑ 379 ዶላር አልፎ ዋለ። በአንድ ቀን ከ70 ዶላር በላይ! አብረውኝ የሚሠሩት ሲጮኹ እኔ ጥግ ይዤ ቆምሁ። ከ310 በላይ ያለው እያንዳንዱ ዶላር የሌላ ሰው ነው። ያ ሰው ማን እንደሆነ እንኳ አላውቅም።

እዚህ ላይ ሰበታ ያሉትን አጎቴን ላንሳ። ከዓመታት በፊት ቤታቸውን ለመሸጥ ተስማምተው 50,000 ብር ቀብድ ተቀበሉ። ውሉ ሳያልቅ በደጃቸው አስፋልት ሊያልፍ መሆኑ ተሰማና ሌላ ሰው እጅግ ከፍ ያለ ዋጋ ይዞ መጣ። እሳቸውም ለመጀመሪያው ገዢ 100,000 ብር መልሰው ቤታቸውን አስቀሩ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በቁጥር 1885 የሚለው እንዲሁ ነው፤ ቀብድ የሰጠ ውሉን ቢተው ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለ ቢተው እጥፉን ይመልሳል። የአጎቴ መውጫ በር ዋጋው ከመጀመሪያው የታወቀ ነበር።

እኔም ከቨርድ ኮልን እንደ ቀብድ አስቤው ነበር። "ቢብስ ቢብስ እጥፍ ከፍዬ እወጣለሁ" የሚል ስሌት ሳይታወቀኝ ጭንቅላቴ ውስጥ ነበረ። በእጥፍ ቢሆን 3,200 ዶላር ነው፤ እከፍል ነበር። ነገር ግን የኦፕሽን ሻጭ የሚወጣው የራሱን ውል ከገበያ መልሶ በመግዛት ነው፤ የዚያን ቀን ገበያው በሚጠይቀው ዋጋ። አክሲዮኑ 380 ሲሆን በ310 የመግዛት መብት ቢያንስ 70 ዶላር ያወጣል። ለሁለት መቶ አክሲዮን 14,000 ዶላር። በ1,600 የሸጥሁትን በ14,000! ደግሞ ገንዘቡ ከየት ይምጣ? የተቀበልሁት ሱሉልታ ላይ ሲሚንቶ ሆኗል። የቀብድ ቅጣት ወለልም ጣሪያም አለው። የዚህ ቅጣት ግን ጣሪያ የለውም፤ ጣሪያ ያለው የእኔ ትርፍ ብቻ ነው።

ሰኔ 9 ቀን 2015 ገበያው ሲዘጋ አክሲዮኑ 426 ዶላር ነበር። ሰኞ ጠዋት ሂሳቤን ስከፍት 200 አክሲዮኖቼ የሉም፤ በቦታቸው 62,000 ዶላር ተቀምጧል። በገበያው ዋጋ 85,200 ዶላር ያወጡ ነበር። የቀረብኝ 23,200 ነው፤ ለዚያ የተከፈለኝ 1,600። በዚያ ላይ አክሲዮኑን ከገዛሁ ዓመት ስላልሞላው ትርፉ እንደ ደመወዝ ታክስ ተቆረጠበት፤ መቼ እንደምሸጥ የመምረጥ መብቴንም አብሬ ሸጬ ነበርና።

የዚህ ቁጭት ክፋቱ አስለቃሽ ማጣቱ ነው። ላጣ ሰው ይለቀሳል፤ ለእኔ ግን ሁሉም "ታዲያ አተረፍክ እኮ!" ነው የሚለኝ። እውነት ነው፣ 30,000ውን ከእጥፍ በላይ አድርጌዋለሁ። ሁለተኛው ስህተቴም ከዚህ የመጣ ነው። "ይወርዳል፣ ያኔ እገባለሁ" ብዬ ጠበቅሁ። በ2016 ጥቅምት ሲወርድ እንኳ 400 ዶላር አካባቢ ቆመ። በ310 ያስረከብሁትን በ400 መግዛት እፍረት መሰለኝና ተውሁት። ሰኔ 2016 ላይ ኩባንያው አንዱን አክሲዮን ለአሥር ከፈለው። የእኔ 200 ቢኖር 2,000 ይሆን ነበር፤ አንዱም በዚያው ወር 135 ዶላር ደርሷል። ማባዛቱን ለአንባቢ ትቼዋለሁ፤ እኔ ብዙ ሌሊት አባዝቼዋለሁ።

ውሉን ግን አልረግምም፤ አላታለለኝም። አክሲዮኑ ባለበት ቢቆም ኖሮ ስምንቱ ዶላር ንጹሕ ገቢ ነበር። ወደ 250 ቢወርድም ከሠላሳ ሦስቱ ዶላር ኪሳራ ስምንቱን ይሸፍንልኝ ነበር፤ ሃያ አምስቱን ግን እኔው እሸከማለሁ። ስለዚህ ከቨርድ ኮል ቁልቁለቱን ለአንተ ትቶ ዳገቱን ከአንተ ይገዛል። ብዙ ከፍ ይላል ብሎ ለማያስብ፣ በተዋዋለበት ዋጋ ቢሸጥ ደስ ለሚለው ሰው ጥሩ ንግድ ነው። እኔ ግን ያንን አክሲዮን የያዝሁት ገና ሩቅ ይሄዳል ብዬ ነበር። ሩቅ ይሄዳል ብዬ የያዝሁትን፣ ሩቅ አይሄድም ብሎ ለሚያምን ሰው የሚስማማ ውል ውስጥ አስገባሁት። ስህተቴ ይኸው ነው፤ ሌላው ሁሉ ቁጥር ነው።

አሁን አዲስ አበባም የራሷ ገበያ አላት። በጥር 2017 ሲከፈት ወጋገን ባንክ የመጀመሪያው ሆኖ ተመዝግቦበታል። ኦፕሽን ግን ገና አልመጣበትም። ወንድሜ ሰሞኑን "ጋሼ፣ እዚህም እንደዚያ በየወሩ የሚያስገኝ ነገር ይኖር ይሆን?" ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ይመጣ ይሆናል። ወይም አንተ አንባቢዬ ውጭ አገር ሆነህ ዛሬ ማታ ስልክህን ትከፍት ይሆናል። የሚሰጡህን ገንዘብ ከመቁጠርህ በፊት የውጤት ማውጫው ቀን በውሉ ውስጥ መውደቁን እይ። ፕሪሚየሙ ከወትሮው ከወፈረ ለምን እንደወፈረ ጠይቅ። ከሸጥህም ሁሉንም አትሸጥ፤ አንድ መቶ ብቻ ሸጬ ቢሆን ኖሮ ግማሹ ዛሬም በእጄ ነበር። ከሁሉ በፊት ግን በዚያ ዋጋ አክሲዮኑ ቢወሰድብህ ታዝን እንደሆነ ራስህን ጠይቅ። የምታዝን ከሆነ አትፈርም።

አጎቴ ባለፈው ሳምንት ከሰበታ መጥተው ቤቱን አዩት። ሶሌታው ላይ ቆመው ወደ ላይ ተመለከቱና "ልጄ፣ ይሄ መቼ ይከደናል?" አሉኝ። ሲሚንቶ ተወዷል አልኋቸው።