መቶ ሃያ ጊዜ አንዲት ሴት

እናቴ ወረቀቶቹን የሰጠችው በበጎ ልብ ነው። ይህን አስቀድሜ ልናገርላት።

ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ከሥራ ስገባ ጠረጴዛዬ ባዶ ነው። ፊልሙ በማግስቱ እኩለ ሌሊት ሳይሞላ ለፌስቲቫሉ መላክ አለበት።

«እማዬ፣ ሥዕሎቼስ?»

«እነዚያ አንዲቷን ሴትዮ ደጋግመሽ የሣልሽባቸው? ቆሎ ሻጯ መጠቅለያ ቸግሯት ሰጠኋት። ደግሞ አይክፋሽ፤ የምታምረውን አስቀርቼልሻለሁ።»

በምን አንደበት ልቆጣት? ሴትዮዋ ማገዶ ተሸክማ ከእንጦጦ የምትወርድ ናት። በፊልም አንድ ሰከንድ 24 ምስል ይፈጃል፤ እያንዳንዱ ሥዕል ሁለት ሁለት ጊዜ ከተነሣ ግን 12 ወረቀት ይበቃል። የመጨረሻው ትዕይንቴ 10 ሰከንድ፣ 120 ወረቀት ነበር። የሁለት እርምጃ 12 ሥዕል ሠርቶ ያንኑ እየመላለሱ ማንሣትም ይቻላል፤ ብዙዎቻችን ጊዜ ሲያጥረን እንዲሁ እናደርጋለን። ነገር ግን እንዲህ የሚሄድ ሰው አይደክመውም። የእኔዋ በየእርምጃው ጥቂት ጥቂት እንድትጎብጥ ብዬ ሁለት ወር አምሽቻለሁ።

ወደ ቆሎ ሻጯ ሮጥኩ። «ውይ ልጄ!» ብለው ያልተሸጠውን ቆሎ ወደ ሰፌዱ ገለበጡልኝ። እናቴ ያስቀረቻትን ጨምሮ 43 ወረቀት ተገኘ። በየማዕዘኑ ቁጥር ስለነበር በተራ ደረደርኳቸው፤ የትኛው ሥዕል ስንት ጊዜ እንደሚነሣ የመዘገብኩበት ሰንጠረዥም መሳቢያ ውስጥ ተርፏል። እዚህም እዚያም ለጎደለው መላ አለ፤ 14ኛው ኖሮ 15ኛውና 16ኛው ከጠፉ 14ኛውን ስድስት ጊዜ ማንሣት ነው። እንቅስቃሴው ይንገጫገጫል እንጂ ሰዓቱ አይዛነፍም። ከ58 እስከ 79 ግን አንድም አልተረፈም። ሸክሟን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው የምታዛውረው እዚያ ላይ ነበር።

44 ምስል ማለት ነው። እያንዳንዱን አራት ጊዜ ካነሣሁት 11 ሥዕል ይበቃኛል። በችኮላ ከ57ኛው ጀምሬ አንዱን በአንዱ ላይ እያስደገፍኩ ወደፊት ሣልኩ። አምስተኛው ላይ ደርሼ ወረቀቶቹን በጣቴ ባገላብጣቸው የሴትዮዋ ራስ የሕፃን አክሏል! ከቅጂ ላይ ሲቀዳ ትንሿ ስሕተት እየተደመረች ትሄዳለች። ቀዳድጄ ጣልኳቸው። 57ኛውንና 80ኛውን ከሥር በሚበራው መስታወት ላይ አነባብሬ መጀመሪያ መካከለኛውን፣ ከዚያም የመካከሉን መካከል ሣልኩ። አሁን ራሷ አልሸሸም።

የቆሎው ጥቅል ያጨማደዳቸውን መስታወት ተጭኜባቸው አነሣሁ፤ እጥፋቱ ግን ይታያል። ፊልሙን በማግስቱ ከምሽቱ አምስት ሰዓት ላይ ላክሁት።

እናቴን አጠገቤ አስቀምጬ አሳየኋት። ሴትዮዋ ቀጥ እያለች፣ እንደገና እየተንቀሳቀሰች፣ በጨርጫዳ ወረቀት ላይ ወረደች።

«ይቺማ ደክሟታል» አለች እናቴ። ትንሽ ቆይታም፣ «ያቺ ያስቀረሁልሽ የታለች? አላየኋትም።»

57ኛዋ ነበረች። ሁለት ምስል ብቻ ነው ያለፈችው።