ወለድ ወለድን ሲወልድ

በባቱ ከተማ የምትኖረው የእኅታችን ልጅ ከአበባ እርሻ ደመወዟ ያጠራቀመችውን 10,000 ብር ባንክ አስቀምጣ፣ «ወለዱን በየዓመቱ ባወጣው ምን ይጐድልብኛል?» ስትል ጠየቀችን። እኛም ብሔራዊ ባንክ በ2010 ዓ.ም. ዝቅተኛ አድርጎ በወሰነው በመቶ 7 ወለድ፣ ግብሩን ሳንቆጥር፣ አሰላንላት።

በየዓመቱ 700 ብር ብታወጣ በ20 ዓመት የምታገኘው ከዋናው ጋር 24,000 ብር ነው። ሳትነካው ብትተወው ግን ወለዱ ራሱ እየወለደ 38,697 ብር ይደርሳል። የመጀመሪያው 10 ዓመት ትርፍ 9,672፣ የኋለኛው 19,025 ብር ነውና በመካከል የሚያወጣ ሰው የሚያጣው ዋናውን መከር ነው።

ነገር ግን የገበያ ዋጋ በዓመት ከመቶ 7 በላይ ሲጨምር፣ ብሩ ቢበዛም የሚሸምተው ጤፍ እንደሚያንስ ሳንሰውር ነገርናት።