የ416 ዶላር ልዩነት

አሜሪካ ያለን ሰዎች ስለ ዕዳ ስናወራ ሁለት ቃላት አይጠፉም። አንዱ ስኖውቦል ነው፦ ትንሿን ዕዳ መጀመሪያ ጨርስ፣ ለእሷ ትከፍለው የነበረውን ወደ ቀጣይዋ አዙር፣ እንደ በረዶ ኳስ እየተንከባለለ ይተልቅ። ዴቭ ራምዚ በሬዲዮ ፕሮግራሙ ዓመታት ሙሉ የሰበከው ይህንን ነው። ሌላው አቫላንሽ ነው፦ የዕዳውን መጠን ተወው፣ ወለዱ ከፍ ካለው ጀምር። በሁለቱም መንገድ ለሁሉም ዕዳ ዝቅተኛውን ክፍያ በሰዓቱ ትከፍላለህ። የሚለያዩት ከዚያ የተረፈችው ብር የት ትሂድ በሚለው ብቻ ነው።

ታዲያ ብዙ ሰው እንደ ኳስ ደጋፊ አንዱን ወግኖ ይከራከራል እንጂ የራሱን ዕዳ አስልቶ አያይም። እኔ ደግሞ ስሌቱን ሳላይ ለማንም ምክር መስጠት አልወድም።

ባለፈው ሰሞን ቨርጂኒያ የምትኖር የአክስቴ ልጅ ስቴትመንቶቿን ይዛ መጣች። ፈቃዷን ጠይቄ ነው የምጽፈው። ሦስት ዕዳ አለባት። የሆስፒታል ቢል 900 ዶላር፣ ወለድ የለውም፣ በወር 50 ልትከፍል ተስማምታለች። ከክሬዲት ዩኒየን የተበደረችው 2,400፣ በዓመት 11 በመቶ፣ በወር 110። ክሬዲት ካርዱ 6,800፣ ወለዱ 27 በመቶ፣ ዝቅተኛ ክፍያው 220 አካባቢ። በጠቅላላው 10,100 ዶላር። ከኪራይና ወደ አገር ቤት ከምትልከው ተርፎ በየወሩ ተጨማሪ 400 ማውጣት ትችላለች። ስለዚህ በእጃችን ያለው በወር 780 ዶላር ነው።

ኤክሴል ከፍተን ወር በወር ሠራነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የካርድ ዝቅተኛ ክፍያ ዕዳው በቀነሰ ቁጥር አብሮ ይቀንሳል። ስቴትመንቱ «በዚህ ወር 150 ይበቃሃል» ስላለ እሱን መከተል ከጀመርክ ሁለቱም ዘዴ ይፈርሳል። እኛ 780ዋን እስከ መጨረሻው ሳንነካት ነው ያሰላነው።

በስኖውቦል የሆስፒታሉ ቢል በ2ኛው ወር ያልቃል። የክሬዲት ዩኒየኑ በ7ኛው። ካርዱ በ16ኛው ወር ይዘጋል። ጠቅላላ የምትከፍለው ወለድ 1,747 ዶላር ነው። በአቫላንሽ ካርዱ በ13ኛው ወር ይዘጋል፣ የቀሩት ሁለቱ በ15ኛው ወር አብረው ያልቃሉ፣ ወለዱ 1,331 ይሆናል። ልዩነቱ 416 ዶላርና አንድ ወር።

416 ዶላሩ ከየት መጣ? ካርዱ በመጀመሪያው ወር ብቻ 153 ዶላር ወለድ ይበላል፣ በቀን ከ5 ዶላር በላይ ማለት ነው። የክሬዲት ዩኒየኑ ግን 22 ነው። ስኖውቦል ትንንሾቹን ሲያሳድድ ካርዱ ስድስት ወር ያህል ዝቅተኛ ክፍያውን ብቻ እያገኘ ይቆያል። ወጪው እዚያ ላይ ነው። ካርዱ 27 ሳይሆን 13 ወይም 14 በመቶ ቢሆን ኖሮ ክፍተቱ በጣም ይጠብ ነበር፣ ያኔ ትንሿን መጀመሪያ ብትጨርስ የሚጎዳህ እዚህ ግባ የሚባል ነገር የለም። የወለዶቹ መጠን ሲራራቅና ውዱ ዕዳ ትልቁ ሲሆን ነው ምርጫው ገንዘብ የሚያስከፍለው።

እኔ በባህሪዬ የአቫላንሽ ሰው ነኝ። ግን ሰንጠረዡን ወደ ታች ሳየው አንድ መስመር ላይ ቆምኩ። በአቫላንሽ 12 ወር ሙሉ 780 ከከፈለች በኋላ፣ ማለትም 9,360 ዶላር ካወጣች በኋላ፣ አሁንም ሦስት ዕዳ አለባት። ሦስቱም ተመናምነዋል፣ ግን አንዱም አልተዘጋም። እሷም አይታው «እኔ በዚህ አልዘልቅም፤ የሆነ ነገር ሲያልቅ ካላየሁ በአምስተኛው ወር እተወዋለሁ» አለችኝ። ራሷን ታውቃለች።

ይህ የስንፍና ወሬ ብቻ አይደለም። በ2012 ዴቪድ ጋል እና ብሌክሊ ማክሼን የተባሉ ተመራማሪዎች ዕዳቸውን ለመቀነስ ወደ አንድ የዕዳ ድርድር ድርጅት የሄዱ ሰዎችን መረጃ አጥንተው፣ የዘጉት ሒሳብ ብዛት ሰዎቹ እስከ መጨረሻ መዝለቃቸውን እንደሚያመለክት ጽፈዋል። ሰዎቹ ግን ዕዳ የከበዳቸው ስለነበሩ ውጤቱን ለሁላችንም እንደ ሕግ አልወስደውም።

ለስኖውቦል ከስሜት ሌላም ምክንያት አለው፣ ብዙ ጊዜ ግን አይነሳም። የአክስቴ ልጅ የሥራ ሰዓቷ ይዋዥቃል፣ አንዳንድ ወር ሺፍት ይቀንሱባታል። በስኖውቦል ከ7ኛው ወር በኋላ የግድ የምትከፍለው የካርዱን ብቻ ነው። በአቫላንሽ ያን ጊዜ ሦስቱም እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቃሉ። ገቢው የማያስተማምን ሰው፣ ኡበር የሚነዳም በሉት፣ የግዴታ ክፍያ ቶሎ መቀነሱ ሊያድነው ይችላል።

መጨረሻ ላይ ሁለቱን ቀላቀልናቸው። መጀመሪያ የሆስፒታሏን 900 በሁለት ወር መጨረስ፣ ከዚያ ቀጥታ ወደ ካርዱ። አሰላነው፦ በ15ኛው ወር ሁሉም ያልቃል፣ ወለዱ 1,509 ዶላር ነው። ከንጹህ አቫላንሽ 178 ይበልጣል፣ ከስኖውቦል ደግሞ 238 ያንሳል። «ለዚያች አንዲት ድል 178 ዶላር ትከፍያለሽ?» አልኳት። «እከፍላለሁ» አለች። ዋጋውን አውቃ የመረጠችው ስለሆነ ምንም አልተከራከርኳትም።

እናንተም ከማስላታችሁ በፊት ከሰልፉ የምታወጧቸው ዕዳዎች አሉ። የዕቃ መደብር ካርድ «12 ወር ያለ ወለድ» ብሎ ከሰጣችሁ ውሉን አንብቡት። አንዳንዱ ቀኑ ካለፈና ትንሽ እንኳን ከቀረ፣ ወለዱን ዕቃው ከተገዛበት ቀን ጀምሮ ይጭንባችኋል። ይህን በትንሽነቱም በወለዱም አትደርድሩት፣ ቀነ ገደቡ ሳይደርስ የሚያልቅበትን መጠን በየወሩ መድቡለት። ዕቁብም እንዲሁ። ዕጣ ወጥቶላችሁ ገንዘቡን ከበላችሁ በኋላ ቀሪው መዋጮ ወለድ የሌለው ዕዳ ነው፣ አቫላንሽ መጨረሻ ላይ ያሰልፈዋል፣ ግን የዕቁብ ሰዎች እንዲህ ያለ ሰንጠረዥ አይገባቸውም። እንደ ዝቅተኛ ክፍያ ቁጠሩት። ዕጣው ገና ያልወጣላችሁ ከሆነ ግን፣ ሲወጣ አብዛኛው ወደ ካርዱ ቢሄድ ከላይ የጻፍኩትን ወራት በደንብ ያሳጥራል።

አንድ ነገር ልጨምርና ልተዋችሁ። ለክሬዲት ዩኒየን ወይም ለመኪና ብድር ትርፍ ስትከፍሉ፣ ገንዘቡ ከዋናው ብድር ላይ እንዲቀነስ በግልጽ ንገሯቸው። አንዳንዱ አበዳሪ ትርፉን ለሚቀጥለው ወር እንደተከፈለ ቆጥሮ ያስቀምጠዋል፣ የሚቀጥለው ስቴትመንት ላይ «የሚከፈል 0» የሚል ካያችሁ እንደዚያ አድርጓል ማለት ነው። ያኔውኑ ደውሉ።